ሁለተኛው ፔንታ በሦስተኛው ሳምንት ቢሰጥስ? ለመስቀል ጉዞ ተብሎ የተከፈተ ክር

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈተችው አዲስ አበባ የምትኖር፣ የመጀመሪያ ልጇን ያገኘች እናት ናት። ልጅቷ ሐምሌ 7 ቀን 2017 ተወለደች። ስድስት ሳምንት ሲሞላት፣ ሰኞ ነሐሴ 19፣ ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት፣ የመጀመሪያውን ፔንታ፣ ተወጋች። በዚያው ቀን ሌላኛው ጭኗ ላይ የሳንባ ምች ክትባቱን ፒሲቪ፣ በአፏ ደግሞ የተቅማጥ መከላከያውን ሮታና የፖሊዮ ጠብታ ወሰደች። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሰኞ መስከረም 12 ተብሎ ካርዱ ላይ ተጻፈ።

ችግሩ መስቀል ነው። ቤተሰቡ መስከረም 6 ተጠቃልሎ ወደ ጉመር፣ ጉራጌ አገር፣ ይወጣል። ተመልሰው ጤና ጣቢያ ሊደርሱ የሚችሉት ሰኞ ጥቅምት 3 ነው። እናትየዋ የጠየቀችው እንግዲህ ይህን ነው፤ ከመሄዳቸው በፊት መስከረም 5 ብታስወጋት ይሻላል ወይስ እስኪመለሱ ብትጠብቅ? አንድ ሳምንት ቀደም ቢል ምን ችግር አለው? የካርዱን ፎቶ ለጥፋለች። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። የመስከረም 12 ሁለት ቁጥር ሦስት ስለሚመስል ሁለት ሰዎች ቀኑ የቱ እንደሆነ ለማጣራት ብቻ ጽፈዋል። እነሱን አልፌ ቁም ነገር ያለባቸውን መልሶች በየቁጥራቸው ልንገራችሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ከሦስት ልጆች እናት ነው። በትህትና ነው የጻፈችው። እህቴ ብላ ጀምራ፣ እሷም ሁለተኛ ልጇን ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ስትሄድ በሦስተኛ ሳምንቱ እንዳስወጋችው፣ ልጁ አሁን አምስተኛ ክፍል እንደሆነና አንድም ነገር እንዳልሆነ ተናገረች። ሲስተሯን ለምነሽ አስወጊና ሂጂ ነው ምክሯ።

2ኛው ላይ የጻፈው ሰው ትዕግስት የለውም። ልጁ ምንም አልሆነም ማለት ክትባቱ ሠርቷል ማለት አይደለም አለ። ትክትክ ሳይይዘው ያደገ ልጅ ሁሉ ክትባቱ ይዞለት ነው ማለት አይቻልም፤ ትክትክ ቤቱ ሳይገባ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። አባባሉ ሻካራ ነው፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። ክትባት አለመያዙ በዓይን የሚታይ ነገር የለውም። ትኩሳት ስለነበረው ያዘ፣ ስላልነበረው አልያዘም አይባልም።

3ኛው ራሱን የፋርማሲ ተማሪ ብሎ አስተዋወቀ። በሁለት ክትባቶች መካከል ሁሌም ቢያንስ አራት ሳምንት ሊኖር ይገባል አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ቀጠለና ፔንታን፣ ፒሲቪን፣ ሮታንና ፖሊዮን በአንድ ቀን መስጠቱም ስህተት እንደሆነ፣ የሕፃኑን አካል እንደሚያጨናንቅ ጻፈ። እናትየዋ ደነገጠች። 4ኛው መልስ የራሷ ነው፤ ልጄን ጎዷት ማለት ነው ወይ የሚል።

5ኛው ላይ ነው ክሩ ሰው ያገኘው። በጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ለብዙ ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ሁሉም ወዲያው ሲስተር ይሏት ጀመር፤ እኔም እንደዚያው ልበላት። በመጀመሪያ እናትየዋን አረጋጋቻት። የአራት ሳምንቱ ሕግ በአንድ ክትባት ተከታታይ ዶዞች መካከል ነው፤ በፔንታ አንድና በፔንታ ሁለት፣ በፒሲቪ አንድና በፒሲቪ ሁለት። የተለያዩ ክትባቶች በአንድ ቀን ሊሰጡ ይችላሉ፤ ስድስተኛው ሳምንት ላይ እንደዚያ የሚደረገውም ሆን ተብሎ ነው። በተለያዩ ክትባቶች መካከል የአራት ሳምንት ነገር የሚነሳው በመርፌ የሚሰጡ ሁለት ሕያው ክትባቶች፣ ማለትም የተዳከመ ግን ሕያው ጀርም የያዙ፣ ሲሆኑ ነው፤ እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ። እነሱን ወይ በአንድ ቀን መስጠት ነው ወይ 28 ቀን ማራራቅ። ፔንታ ሕያው ስላልሆነ እዚህ ውስጥ አይገባም። ተማሪውን አላዋረደችውም። ግማሹን ይዘኸዋል፣ ግማሹን ደግሞ ሌላ ቦታ አስቀምጠኸዋል ብላ አለፈችው።

ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ ገባች። ስሌቷን ሳይ በጣም ነው የገረመኝ፤ ስለዚህ ሳላሳጥር ልንገራችሁ። መስከረም 5 ከነሐሴ 19 ልክ 21 ቀኑ ነው። ሰባት ቀን ይጎድለዋል። ያን ቀን ብትወጋ መርፌው እንደ ሁለተኛ ዶዝ አይቆጠርም። መደገም አለበት። ድጋሚው የሚቆጠረው ደግሞ ከነሐሴ 19 ሳይሆን ያለጊዜው ከተሰጠው መርፌ ነው፤ ከመስከረም 5 እንደገና 28 ቀን። 28ቱ ቀን የሚሞላው መቼ ነው? ጥቅምት 3። ቤተሰቡ ከጉመር የሚመለስበት ቀን! ልጅቷ ሳትወጋ ሄዳም ብትመለስ ሁለተኛ ዶዟን የምታገኘው በዚያው ቀን ነው። ልዩነቱ አንድ ከንቱ መርፌና አንድ ሌሊት ለቅሶ ብቻ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ያ ያለጊዜው የተሰጠ መርፌ ካርዱ ላይ ፔንታ ሁለት ተብሎ መጻፉ ነው። ማንም ቀኖቹን ካልቆጠረ ልጅቷ ሦስቱን ጨርሳለች ተብሎ ትታለፋለች።

ሲስተር ሦስተኛ መንገድም አሳየቻት። ካርዱን ይዛ ትሂድና እዚያው ጉመር ያለ ጤና ጣቢያ ከመስከረም 12 ጀምሮ ባገኘችው ቀን ታስወጋት። ክትባቱ በየትኛውም ጤና ጣቢያ አንድ ነው፤ ካርዱ እስካለ ድረስ ማንም አይመልሳትም አለች። ይህችኛዋ የመጨረሻ ቃል ኋላ ጭቅጭቅ አምጥታለች።

6ኛው አባት ነው፤ ጥያቄውም የዋህ ነው። ከነሐሴ 19 አንድ ወር መስከረም 19 አይደለም ወይ? ለምን 12 ተባለ? ነርሷ ተሳስታ ይሆን?

7ኛው ሰውየው የሰዓት አቆጣጠርም ያስተምሩኝ እንዳይል ሰግቻለሁ ብሎ ቀለደ። 8ኛው ግን በቁም ነገር መለሰለት፤ መምህር ይመስለኛል። አራት ሳምንት ማለት 28 ቀን ነው። የኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ ላይ ሁለት ቀንሶ ወደሚቀጥለው ወር መሄድ ይበቃል፤ ኅዳር 15 የተወጋ ታኅሣሥ 13 ይመለሳል። ጳጉሜን ሲሻገር ግን አምስቱ ቀንም ስለሚጨመር የሚቀነሰው ሰባት ነው። ነሐሴ 19 ሲቀነስ ሰባት፣ መስከረም 12። ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት፣ እንደ 2015፣ ስምንት ይቀነሳል። ይህ ሁሉ ሒሳብ የከበደው ደግሞ የሳምንቱን ቀን ይያዝ አለ። ሰኞ የተወጋ ልጅ አራት ሰኞ ይቆጥርለታል፣ አራተኛው ሰኞ ቀጠሮው ነው። ቀጠሮው ሰኞ የተወጋን ልጅ ቅዳሜ ና የሚል ከሆነ ወይ ተራዝሟል ወይ አጥሯል፤ ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

9ኛው ላይ ያው አባት አመሰገነና በመስከረም 19 ቢሄድ ግን ያጠፋው ጥፋት ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሲስተር በ10ኛው ምንም አለችው። 35 ቀን ይሆናል። ከ28 በታች እስካልሆነ ዶዙ ይቆጠራል።

እዚህ ጋ ክሩ መንገድ ሳተ። 11ኛው አንድ ጎረምሳ ውሻ ነክሶት እንደነበር፣ ክትባቱን በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን እንደሰጡት ጻፈ። እንግዲህ እናንተ እንደምትሉት ከሆነ የተሰጠኝ ሁሉ ውኃ ነው ማለት ነው? አጎቱ ደግሞ በድሮው ጊዜ በየቀኑ ሆዱ ላይ ለ14 ቀን ተወግቷል። 12ኛው ስለ ሕፃናት ነው የምናወራው ወንድሜ ብሎ ሊያስወጣው ሞከረ። 13ኛው ግን በላብራቶሪ የሚሠራ ሰው ነው፤ ጥያቄው ጥሩ ነው ብሎ ያዘው። የእብድ ውሻ ክትባት በአብዛኛው የሚሰጠው ከተነከሱ በኋላ ነው። ቫይረሱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እየሄደ ስለሆነ እሽቅድምድም ነው። እዚያ የሚፈለገው ቶሎ ብዙ መከላከያ ማውጣት ነው፤ የቀናቱ ሰሌዳም ለዚያ ተብሎ የተሠራና የተፈተነ ነው። እያንዳንዱ ክትባት የየራሱ ሰሌዳ አለው፤ የአንዱን ወስዶ ለሌላው መስጠት አይቻልም።

ይኸው ሰው ለምን 28 ቀን እንደሆነም ነገራቸው። አገላለጹ ደስ ይላል። የመጀመሪያው መርፌ ሲገባ አካል ያንን እንግዳ ነገር ለይቶ የሚያስታውሱ ሴሎችን በእጢዎች ውስጥ ማልመድ ይጀምራል። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። ከሚለማመዱት መካከል ደካሞቹ ይወድቃሉ፣ በደንብ የሚይዙት ይቀራሉ። ሁለተኛው መርፌ የሚፈለገው እነዚያ የቀሩት ተዘጋጅተው ሲጠብቁ ነው። ቀድሞ ከመጣ ገና በልምምድ ላይ ያገኛቸዋል። በዚያ ላይ ከመጀመሪያው መርፌ የወጣው አንቲቦዲ ገና በደም ውስጥ ስለሚበዛ አዲሱን ክትባት ሥራውን ሳይሠራ ይለቅመዋል። መርፌው አይጎዳም፤ ግን እንደ ማጠናከሪያ አያገለግልም።

14ኛውን የጻፈው የኮቪድ ሰውዬ ነው። ስሙ የኮቪድ ሰውዬ አይደለም፤ ግን በየክሩ ስለ ኮቪድ ነው የሚጽፈው። እሱን አስትራዜኔካ ሲከትቡት ሁለተኛውን ከሁለት ወር በላይ አስጠብቀውታል። የአራት ሳምንት ሕግ ካለ ያኔ የት ነበር? ሲመቻቸው ሕግ፣ ሳይመቻቸው ሌላ ሕግ! ሐኪሞችን በጅምላ ሰደበ። 15ኛው መልሶ ሰደበው። ሁለቱንም አልደግማቸውም።

በ16ኛው የላብራቶሪው ሰው ተመለሰና የኮቪዱን ምሳሌ ለራሱ ተጠቀመበት። የአስትራዜኔካ ዝቅተኛው ርቀት አራት ሳምንት ነበር። ነገር ግን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ሲራራቅ የተሻለ መከላከያ ስለታየ የዓለም ጤና ድርጅት ያንን መከረ። ስለዚህ ዝቅተኛው ርቀት ወለል ነው፣ ከሱ በታች አይኬድም። ጥሩው ርቀት ግን ከወለሉ በላይ ሊሆን ይችላል። ለፔንታም ቢሆን አካል ብቻውን ቢጠየቅ ስምንት ሳምንት ከአራት ይመርጥ ይሆናል። አሜሪካኖች በሁለት፣ በአራትና በስድስት ወር የሚሰጡት በስምንት ሳምንት ልዩነት ነው።

17ኛው ጥሩ ጥያቄ ነው። ታዲያ እኛ ለምን በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት እንቸኩላለን? መልሱን ሲስተር ሰጠች። ትክትክ የሚገድለው ትንንሾቹን ነው። አንድ መርፌ ብቻ የወሰደ የሁለት ወር ሕፃን ገና በግማሽ ነው የተሸፈነው። ስለዚህ አካል የሚፈቅደውን አጭሩን ርቀት ይዞ ሦስቱን ቶሎ መጨረስ ነው ሐሳቡ። ከ28 በታች ክትባቱ በደንብ ላይይዝ ይችላል፤ ከ28 በላይ በቆየ ቁጥር ደግሞ ልጁ ሳይሸፈን ይቆያል። መዘግየት ዶዙን አያበላሽም፣ እንደ አዲስም አያስጀምርም። ሁለት ወር ቢዘገይም የሚቀጥለው ፔንታ ሁለት ነው፣ ፔንታ አንድ አይደለም። እስከዚያ ድረስ ግን ልጁን የሚጠብቀው ነገር ትንሽ ነው። መስቀል ላይ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሕፃን ሲስም፣ ከሚያስሉት ልጆች ጋር አንድ ቤት ሲታደር አስቡት አለች። ለዚህ ነው እስከ ጥቅምት 3 ከምትጠብቅ እዚያው እንድታስወጋት የመከረቻት።

ይህ ነጥብ በክሩ ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ ጠቃሚው ይመስለኛል። ብዙ እናት ቀጠሮ ካለፈባት አፍራ ትቀራለች። ካርዱ ተበላሽቷል፣ ይቆጡኛል፣ እንደገና ያስጀምሩኛል ትላለች። መቅደምና መዘግየት እኩል ጥፋት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደሉም።

18ኛው ከአሜሪካ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እናት። የሷ ጉዳይ ሌላ ነው ግን ሰው ሁሉ አነበበው። ልጇን አዲስ አበባ አስከትባ፣ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ ነው የሄደችው። እዚያ ያለው ሐኪም ካርዱን በደንብ አይቶ ሁለት ነገር አልቆጥርም አላት። አንደኛው በዘጠኝ ወሩ የተሰጠው ኩፍኝ ነው፤ እነሱ ከአሥራ ሁለት ወር በፊት የተሰጠውን እንደ መጀመሪያ ዶዝ አይወስዱትም። ሁለተኛው የባሰ አስደነቃት። ፔንታ ሦስት በአሥራ አራተኛ ሳምንቱ ተሰጥቷል፤ የዲፍቴሪያው፣ የቴታነሱና የትክትኩ ክፍል ተቆጠረ፣ ውስጡ ያለው የሄፓታይተስ ቢ ክፍል ግን አልተቆጠረም። በነሱ ሕግ የመጨረሻው የሄፓታይተስ ቢ ዶዝ ከ24 ሳምንት ዕድሜ በፊት ከተሰጠ ይደገማል። አንዱ መርፌ ግማሹ ተቆጥሮ ግማሹ ቀረ ማለት ነው።

19ኛው ካርዳችንን ንቀውት ነው አለ። 20ኛውም ደገፈው። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ የተሰማኝ እሱ ነው። ራሷ እናትየዋ ግን በ21ኛው አልተስማማችም። የናቁት ቢሆን ሁሉንም ነበር እንደ አዲስ የሚያስጀምሩት። ሐኪሙ ግን የልደት ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሮ፣ በየመርፌው መካከል ያለውን ቀን በጣቱ እየቆጠረ ነው ያየው። ስድስት፣ አሥር፣ አሥራ አራት ሳምንት ልክ ስለነበር ሦስቱን ዲፍቴሪያ ቴታነስ ትክትክ ያለ አንድ ቃል ተቀበለው። ካርዱ ላይ ቀኑ በግልጽ ባይጻፍ ኖሮ ይህም አይገኝም ነበር።

ከዚያ እግረ መንገዷን አንድ ነገር ጣል አደረገች። እዚያ አገር የአራት ቀን ይቅርታ አለ አለች። ዶዙ ከዝቅተኛው ርቀት እስከ አራት ቀን ቀደም ብሎ ከተሰጠ ይቆጠራል፤ አምስትና ከዚያ በላይ ከቀደመ ግን ይደገማል።

ይቺ ዓረፍተ ነገር ክሩን አጋለችው። 22ኛው ወዲያው ተቀበላት፤ ታዲያ 28 ሳይሆን 24 ነው በሉና ሰውን አታስጨንቁ! 23ኛው የፋርማሲው ተማሪ ነው፤ የአሜሪካ ሕግ እዚህ አይሠራም ብሎ ደመደመ። 24ኛው አካል ፓስፖርት የለውም፣ አሜሪካ የሚሠራ ከሆነ እዚህም ይሠራል አለ። ክርክሩ ስለ ክትባት መሆኑ ቀርቶ ማን ተማረ ማን አልተማረ ሆነ። 25ኛው አንተ ያነበብከው የመድኃኒቱን ካርቶን ነው ብሎ ተማሪውን ነካው።

ሲስተር በ26ኛው ስትመለስ ድምፅዋ ትንሽ ጠንክሯል። አራት ቀኑ ወደ ኋላ ለማየት ነው አለች። ልጁ አንዴ ተወግቶ መጥቷል፣ ካርዱ 25ኛ ወይም 26ኛ ቀን ይላል፣ ለሁለት ለሦስት ቀን ብሎ እንደገና መውጋት አይገባም፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ቀጠሮ ለመስጠት አይደለም። ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው 28 ብሎ ነው የሚጽፈው። ደግሞ ለሁሉም አይሠራም፤ ቅድም ያነሳናቸው ሁለት የተለያዩ ሕያው መርፌዎች፣ ኩፍኝና ቢጫ ወባ፣ በተለያየ ቀን ከተሰጡ አሜሪካኖቹም አራት ቀን አይምሩም። 28 ከተባለ 28 ነው። የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ልክ ነሽ ብላ ፈረመችላት። 22ኛው ግን እስከ መጨረሻው አልተዋጠለትም። 24 ቀን ላይ የሚሠራ ነገር 21 ቀን ላይ ምን ያህል ይቀንሳል፣ ቁጥሩን አምጡ እያለ ነው። ቁጥር ያመጣለት የለም።

27ኛው ላይ ሌላ እናት ብሶቷን አወጣች። ልጇን ለኩፍኝ ወስዳ ሁለት ጊዜ መልሰዋታል፤ ሌሎች ልጆች ይጠራቀሙ ተብላ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠቀሰችም፣ እኔም አልጠይቃትም። እናንተ ስለ 28 ቀን ትከራከራላችሁ፣ እኛ ቀኑን ጠብቀን ስንሄድ በር ይዘጋብናል አለች። ሲስተር የኩፍኝ ብልቃጥ ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ እንደማይቀመጥ፣ ለአንድ ልጅ ተከፍቶ ቀሪው እንዳይደፋ ተብሎ እንደሚደረግ ነገረቻት። ግን ልጅ ከመመለስ ብልቃጥ መድፋት ይሻላል ብላ ራሷ ጨመረች። 29ኛው እንግዲያው ማንም አይመልስሽም ያልሽው የት ገባ ብሎ ያዛት። ሲስተር ለዚህ ያለችው ነገር የለም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ በተለይ ከከተማ ወጣ ብሎ ክትባት በየቀኑ የማይሰጥበት ብዙ ቦታ አለ።

30ኛው ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስዳ ሁለተኛውን ከአራት ሳምንት በኋላ ተቀጥራለች፣ መውለጃዋም ተቃርቧል፤ ይቅደምልኝ ልበል ወይ ነው ጥያቄዋ። እዚህም መልሱ አይቀድምም ነው፤ ግን እንዳይዘገይ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባት። ሁለተኛው ዶዝ ከመውለዷ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ካልተሰጠ ሕፃኑን ለመጠበቅ ጊዜ ያጥረዋል። ዘግይታ ክትትል የጀመረች እናት በሁለቱ መሐል የምትጣበቀው ለዚህ ነው።

ከዚያ ክሩ ለአንድ ሳምንት ያህል ዝም አለ።

31ኛው የባለጥያቄዋ ነው፤ ከጉመር። ያለችበት ቀበሌ አቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ሰኞ አይከትብም፤ የክትባት ቀኑ ሐሙስ ነው። ሐሙስ መስከረም 15 ወስዳ አስወጋቻት። 31ኛ ቀኗ ነው። ልጅቷ ማታውን ትንሽ ተኮሰች፣ ጠዋት ደህና ነበረች። የምሥራቹ ብዙ ምርቃት አስገኘላት። መልእክቷ መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ባለቤቷ ገና ከነሐሴ ሦስቱንም ቀን ስልኩ ላይ አስገብቷል። ሦስተኛው ጥቅምት 10 ይላል። ስለዚህ ከመመለሳቸው በኋላ በጥቅምት 10 እንወስዳታለን አለች።

ሰባት ስምንት ሰው እንኳን ደስ አለሽ ካለ በኋላ፣ 40ኛው ላይ ያ መምህር የመሰለኝ ሰው ተመለሰ። ጥቅምት 10 ከመስከረም 12 ነው 28 ቀኑ አለ። ልጅቷ ግን የተወጋችው መስከረም 15 ነው። ከዚያ እስከ ጥቅምት 10፣ 25 ቀን ብቻ ነው። ትክክለኛው ቀን ሐሙስ ጥቅምት 13 ነው።

ስልኩ የሚያውቀው የታሰበውን ቀን ነው፤ መቆጠር ያለበት ግን መርፌው በእውነት ከተሰጠበት ቀን ነው። አንዱ ዶዝ ሲዘገይ ከሱ በኋላ ያሉት ቀጠሮዎች ሁሉ አብረው መገፋት አለባቸው። ሲስተርም በ41ኛው ይህንኑ አጠናከረች፤ እሷ ካየቻቸው ያለጊዜ የተሰጡ መርፌዎች ብዙዎቹ እናት ቸኩላ ሳይሆን እንዲህ የድሮ ቀጠሮ ሳይታረም ቀርቶ የመጡ ናቸው። ሰልፍ ሲበዛ ከታቢዋም የቀጠሮውን ቀን አይታ ብቻ ትወጋለች፣ የበፊቱ መቼ እንደተሰጠ አታይም።

22ኛውን ያስታወሰ ሰው ምን እንደሚል መገመት አይከብደውም። በ42ኛው ብቅ አለ። 25 ቀን ከአራት ቀኑ ይቅርታ ውስጥ ነው፣ እናንተው ናችሁ ያላችሁት፣ በጥቅምት 10 ትሂድ! 43ኛው አንተ ሰውዬ ቀን ትሸጣለህ እንዴ አለው። ሲስተር መልስ የሰጠችው ለሱ ሳይሆን ለእናትየዋ ነው። በስህተት ጥቅምት 10 ተወግታ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፣ እንዴት እንደሚታይ ያኔ እንነጋገር ነበር። አሁን ግን ገና አልተወጋችም፤ ሦስት ቀን መጠበቅ ምንም አያስከፍልም። ሐሙስ ጥቅምት 13፣ ካልተመቻት ደግሞ ሰኞ ጥቅምት 17። ካርዱ ላይም የጉመሩ ቀን በትክክል መጻፉን ታረጋግጥ። ስልኩንም አስተካክለው ብላ ባልየውን እንድትነግረው አሳሰበቻት። እናትየዋ የታረመውን ቀን ለጠፈች፤ ባሏ ጥቅምት 13 ብሎ አስገብቶ ከጎኑ ፔንታ ሦስት፣ ፒሲቪ ሦስት፣ ፖሊዮ ብሎ ጽፎበታል። ሮታን አልጻፈም፤ ሁለት ዶዝ ብቻ ስለሆነ ጉመር ላይ አልቋል። የፖሊዮ መርፌውን ግን ረስቶታል፤ ጠብታው ብቻ አይደለም የሚቀረው፣ መርፌውም አለ ብለው አስጨመሩት።

የመጨረሻው፣ 47ኛው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ኩፍኝ ይጠይቃል። ልጁ እንደዚህችው ልጅ ሐምሌ 7 ነው የተወለደው። ጳጉሜን እንደ አንድ ወር ቆጥሮ ዘጠኝ ወሩ መጋቢት 7 ይሞላል ብሎ ቀጠሮ ሊይዝ ነው። ይህን ስጽፍ ማንም አልመለሰለትም። ስምንት ወር ነው የሚሆነው፤ ዘጠኙ የሚሞላው ሚያዝያ 7 ነው።